ወረቀቱ ላይ ሦስተኛ

ያ ክረምት ልብስ የማይደርቅበት ክረምት ነበር። ጠዋት ያሰጣሁትን ማታ እንደረጠበ እሰበስበዋለሁ። አንሶላው፣ ፎጣው፣ የልጅ ልጄ የትምህርት ቤት ሹራብ፣ ሁሉም እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ሰውም ያልደረቀ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ የጣሉበት ይመስል ከብዶት ነበር የሚሄደው። ቆይ እስቲን ያወቅኋት ያን ጊዜ ነው።

ቆይ እስቲ የጤና ጣቢያው የአእምሮ ጤና ነርስ ነበረች። ስም አላት፤ ግን ለሴቱም ለወንዱም፣ ለተቆጣውም ለሚያለቅሰውም «ቆይ እስቲ» ስለምትል ሰፈሩ ይህን አወጣላት። ቀጭን፣ አርባን ያለፈች፣ ግራ እግሯን ትንሽ የምታነክስ ሴት ናት። ዘጠኝ ዓመት ማዋለጃ ክፍል ሠርታለች ይላሉ። ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው፣ ደረቅ ዳቦና ሙዝ። እንዲህ ባለች ሴት ማን ይቀናል? እኔ ቀናሁባት። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።

የልጅ ልጄን ድንቢጥ ነው የምላት፤ ስትመጣ ከመዳፌ አትበልጥም ነበርና። እናቷ ሌላ ከተማ አግብታ ስትሄድ በሁለት ዓመቷ ተረከብኳት። ያኔ አሥራ አምስት ሞልቷት ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት አመጣች። ፀጉሯን አታበጥርም፣ ሁለት ጉርሻ በልታ ትነሳለች፣ የምትወደውን የቀለም ሣጥን ለጓደኛዋ ሰጠች። እኔ ጉርምስና ነው አልኩ። «ስንፍና በጊዜ ካልተቀጣ ያድጋል» ብዬም ተቆጣሁ። አምላክ ይቅር ይበለኝ።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል አንድ ቀን የክፍል ኃላፊዋ መምህር ጠራኝ። ደብተሯ ጀርባ ላይ «እኔ ባልኖር ማንም አይጎድልበትም» ብላ ጽፋ አግኝቷል። «እማማ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ነገ አይበሉ» አለኝ። እጇን ይዤ ሄድኩ።

የቆይ እስቲ ክፍል ድሮ ዕቃ ቤት የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። ወንበሮቹ ፊት ለፊት አይደሉም፣ ጎን ለጎን ገደድ ብለው ነው የተቀመጡት፤ ሰው ካልፈለገ ዐይን ለዐይን እንዳይጋጭ ነው አሉ። መጀመሪያ ሁለታችንንም አስቀመጠችን። ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ ጠየቀችኝ፤ እኔም እንደ ወፍጮ ስፈጭ ቆየሁ። ከዚያ «እማማ፣ አሁን ከእሷ ጋር ብቻችንን እናውራ፤ እርስዎ ካርድ ክፍሉ ጋ ይጠብቁን» አለችኝ።

«እኔ ያሳደግኋትን?»

«ቆይ እስቲ፣ እማማ። እርስዎንም እፈልግዎታለሁ፤ ግን ተራ በተራ።»

ወጣሁ። ግን ካርድ ክፍሉ ጋ አልተቀመጥኩም። በሩ በእርጥበት አብጦ አይዘጋም፤ አጠገቡ ቆምኩ። ስታስረዳት ሰማሁ፦ «የምትነግሪኝ በእኔና በአንቺ መሐል ይቀራል። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ለሚረዱሽ ሰዎች እነግራለሁ፤ ያንንም አስቀድሜ ለአንቺ ነግሬሽ ነው።» ከዚያ ዝም አለች። ረጅም ዝምታ ነው፤ እኔ ብሆን አሥር ጊዜ እሞላው ነበር። ልጄ ቀስ እያለች መናገር ጀመረች። ለእኔ ስድስት ወር የተዘጋ አፍ ለዚያች ሴት በአንድ ሰዓት ተከፈተ! ዐይኔ ደም ለበሰ።

ከዚያ ሰማሁት።

«አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲከብደው መሞት ያምረዋል። አንቺስ፣ ራስሽን ስለ ማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?»

በሩን በርግጄ ገባሁ። «ምን እያስተማርሻት ነው? ያልነበረውን ልትተክይባት ነው?»

ቆይ እስቲ አልተነሳችም፣ አልጮኸችምም። «መጠየቅ አይተክለውም፣ እማማ። ካለ መውጫ ያገኛል፣ ከሌለም የለም ትለኛለች።» ድንቢጥ እኔን ሳይሆን እሷን እያየች «አዎ፣ አስቤ አውቃለሁ» አለች። አጠገቧ ልቀመጥ ስል ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ አሁን አይደለም ማለቷ ነው። ተመልሼ ወጣሁ፤ አሁን እውነትም ካርድ ክፍሉ ጋ።

በኋላ በልጅቷ ፈቃድ ነገሩኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በቀን ስንቴ እንደሚመጣባት፣ በምን ልታደርገው እንዳሰበች፣ ያ ነገር በእጇ ይኖር እንደሆነ፣ ቀን ቆርጣ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ሞክራ እንደሆነ ሁሉ ጠይቃታለች። አልሞከረችም፣ ቀን አልቆረጠችም። ግን ቤት ያለውን መድኃኒት አስባለች፤ የእኔን መድኃኒት። እስከ ዛሬ ምን እንዳቆያት ስትጠየቅ ደግሞ «ድመቷን ማን ያበላታል ብዬ ነው» አለች።

ድመት ቀደመችኝ! አሥራ ሦስት ዓመት ያጎረስኩ ሴት ለአይጥ እንኳ በማትረባ ድመት ተቀደምኩ።

ቆይ እስቲ ሐኪሙን ጠርታ ተመካከሩ። «ዛሬ ሆስፒታል አናስተኛትም። ቀን አልቆረጠችም፣ እርዳታ ትፈልጋለች፣ ቤት ውስጥም ብቻዋን የማይተዋት ሰው አላት። ነገሩ ከተለወጠ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ትመጣላችሁ» አለችኝ። ነገውኑ ራሷ እንደምትደውል፣ በሦስተኛው ቀን እንደምታያት፣ ከዚያም በየሳምንቱ እንደምታነጋግራት ነገረችን።

ከዚያ ወረቀት አወጣች። የምትጽፊው ራስሽ ነሽ ብላ እስክሪብቶውን ለልጅቷ ሰጠች። መከፋቱ ሲጀምረኝ በምን አውቀዋለሁ የሚለው ላይ «ጫማዬን ሳላወልቅ ስተኛ» ብላ ጻፈች። ለእኔ ያ ብልግና ነበር፤ ምልክት መሆኑን በምን አውቄ! ብቻዬን ምን ላድርግ በሚለው ላይ ፊት መታጠብና ድመቷን ማበጠር፤ ሐሳቧን ለመቀየር የጓደኛዋ ቤት። ለማን ልንገር በሚለው ላይ አንደኛ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ ሁለተኛ መምህሯ። ሦስተኛ አያቴ። ከሥሩ የቆይ እስቲና የሆስፒታሉ ስልክ። መጨረሻ ላይ የእኔ ሥራ ተጻፈ፦ መድኃኒቱን ሁሉ ቆልፌ ቁልፉን ከእኔ እንዳልለይ፣ ሌላም የሚያሰጋ ነገር ከቤት እንዳወጣ።

ቆለፍኩ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ግን ሦስተኛ የሚለው ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ሰፊዋ ማን ናት? ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ የሚታይ፣ ሐሜት የማይጠፋባት ሴት! በማግስቱ ልጅቷ ስትታጠብ ወረቀቱን ከደብተሯ አወጣሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሰፊዋን ሠረዝኩና አንደኛ ላይ በትልቁ «አያቴ» ብዬ ጻፍኩ።

አየችው። አጥፋ ደብተሯ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ስገባ ከነጫማዋ ተኝታለች። ምልክቱን አወቅሁት። ግን ያወቅሁትን ምን እንደማደርግበት አላወቅሁም። አልጋው ጫፍ ተቀምጬ «ምን አጎደልኩብሽ? እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው?» እያልኩ ማልቀስ ጀመርኩ። ድንቢጥ ተነስታ እንባዬን ትጠርግልኝ ጀመር። «ተይ እማማ፣ ደህና ነኝ፣ አታልቅሺ» አለችኝ። ያ «ደህና ነኝ» አስደነገጠኝ፤ በር የተዘጋበት እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ።

«ሰፊዋ ጋ ለምን አልሄድሽም?» አልኳት።

«ሠርዘሻት የለም እንዴ?» አለችኝ።

ጓሮ በር ላይ ሆኜ ሰፊዋን በስሟ ጠራኋት፤ ዐይኔ ግን ልጅቷ ላይ ነበር። ሮጣ መጣች፣ ነገሩ ገብቷት መቀስ ቤቷ ትታ፣ ጨርቅና ክር ብቻ ይዛ። ምንም ሳትጠይቅ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች። «ነይ እስቲ፣ ይህን የሠርግ ቀሚስ ስፌት በእጅሽ ፍቺልኝ፤ ሙሽራዋ ወፍራለች፣ እኔን ነው የምትወቅሰው» አለች። ድንቢጥ ትንሽ ፈገግ አለች። ያችን ፈገግታ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የእኔ ናት ብዬ ነበር። ቀናሁ፤ ደስም አለኝ፤ ሁለቱ በአንድ ሆድ ይቻላሉ ለካ።

ቆይ እስቲ ጋ ደወልን። ስልኩን ለልጅቷ ይስጡልኝ አለችና ያንኑ ጥያቄ እንደገና በግልጽ ጠየቀቻት። ከዚያ «አሁን ኑ፣ እጠብቃችኋለሁ፤ ብቻዋን እንዳትተዋት» አለችኝ። ሦስታችን ሄድን።

ወረቀቱን ስታይ የእኔን ጽሑፍ አወቀችው። ማን ነው ብላ አልጠየቀችም። «ቆይ እስቲ» አለች። «እማማ፣ ይህ ወረቀት የማን ነው?»

«የእሷ።» ፊቴ ነደደ። «እኔ ነኝ የሠረዝኩት፣ ሲስተር። ቀናሁ።»

«ማንም ይቀናል። ግን ያመነችበት ወረቀት ነው የሚያወጣት» አለችና ወደ ልጅቷ ዞር ብላ «ለምን ሦስተኛ እንዳደረግሻት ልትነግሪያት ትችያለሽ? ካልፈለግሽ ይቅር» አለቻት።

ድንቢጥ መሬት መሬቱን አየች። «አንቺ ስታለቅሺ እኔ ማባበል አለብኝ፣ እማማ። ያን ጊዜ ለማባበል አቅም የለኝም። ሰፊዋ አታለቅስም፤ ታሾፋለች።»

ቆይ እስቲ አዲስ ወረቀት አወጣችና ሁለቱ እንደገና ጻፉ፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ ዳግም ጠየቀቻት፤ ሐኪሙም መጥቶ አያት። ጓደኛዋ ቤት የሚለው ተሠርዞ ሰፊዋ ደጃፍ ያለው አግዳሚ ገባ። እኔ አሁንም ሦስተኛ ነኝ። ከስሜ ጎን ግን ልጅቷ «አጠገቤ ዝም ብላ ትቀመጥ» ብላ ጨመረች። እኔን ዝም በይ ማለት ዶሮን አትጫሪ ማለት ነው። ተቀመጥኩ። ለሳምንታት ጥርሴን ነክሼ፣ ጫማዋን አውልቃ እንደሆነ እያየሁ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን ከመሸ በኋላ ትከሻዬ ላይ ጋደም ብላ «ዛሬም መጥቶብኝ ነበር» አለችኝ። ለእኔ። አላለቀስኩም። «ወደ ቆይ እስቲ እንደውል?» ብቻ አልኩ፤ አብረን ደወልን።

ድንቢጥ በአንድ ቀን አልዳነችም። ወደ ዓመት ገደማ ተመላለሰች፤ ክፉ ሳምንት ነበረ፣ ደግ ሳምንትም። የሚያስቃት ሲመጣ ግን መጀመሪያ የምትነግረው ቆይ እስቲን ነበር፣ ሐሙስ ሐሙስ። እኔ ካርድ ክፍሉ ጋ ተቀምጬ ሳቃቸውን እየሰማሁ እብከነከን ነበር። ለልጄ ነፍስ ለተዋጋችላት ሴት ምስጋናዬን እንኳ ያለ ቅናት መስጠት አቃተኝ። አንድ ሐሙስ ሙዝ ወስጄላት «ሁልጊዜ ቆመሽ አትብይ» አልኳት። ተቀምጣ በላች።

ድንቢጥ ዛሬ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ቆይ እስቲ ከሦስት ዓመት በፊት ከጤና ጣቢያው ተዛውራለች። መጨረሻ ላይ እንደሰማሁት፣ ወንዝ ማዶ ባለው ትልቁ ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የልጆች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው የምትሠራው።