ግልባጭ የተደረገለት የባልትና ቤት ደብዳቤ

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ወር መደበኛ ደብዳቤ አጻጻፍ ተማርን። ቁጥር የት እንደሚገባ፣ ቀን በየትኛው ጥግ እንደሚጻፍ፣ «ጉዳዩ» ከሥሩ እንደሚሰመርበት፣ ግልባጭ ከግርጌ በስተግራ እንደሚዘረዘር ሁሉ አወቅሁ። የቤት ሥራዬን ሳስረክብ መምህራችን ከወረቀቱ ሥር «በጣም ጥሩ» ብለው ጻፉልኝ። ያችን ወረቀት በፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ አድርጌ ለሦስት ሳምንት ያህል በቦርሳዬ ይዤ ዞርኩ። ማንም አሳዪኝ አላለኝም። እኔ ግን ዝግጁ ነበርኩ።

አጋጣሚው የመጣው ከባልትና ቤት ነው። ኮተቤ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ተራራው በሚወጣው ኮረኮንች ላይ እናቴ የዓመት በርበሬያችንን የምታሠራበት ቤት አለ። ፊት ለፊቱ ሽሮና ቅመም የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነው። ዋናው ሥራ ግን ጓሮ ነው። ደንበኛ ዛላውን ከሾላ ገበያ ገዝቶ ያመጣል፤ እዚያ ይቀነጠሳል፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ይደለዛል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ቅመሙ ገብቶበት ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የቤቱ ባለቤት የሆኑት ሴት የአንዱን ሰው በርበሬ ከሌላው ሰው በርበሬ ጋር አይቀላቅሉም። የእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ሰሌን ላይ ይሰጣና ስሙ በካርቶን ቁራጭ ተጽፎ ጫፉ ላይ ይቀመጥበታል። ደንበኛው ሲያልፍ ገባ ብሎ የራሱን አይቶ፣ አንዷን ዛላ ሰብሮ አሽትቶ ይሄዳል። እናቴማ በሳምንት ሁለት ጊዜ ልትጎበኘው ትሄዳለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እንኳ እንደዚያ አልጎበኘችኝም።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ከሰዓት በርበሬያችን መድረቅ አለመድረቁን እንዳይ ላከችኝ። ባለቤቷ ጓሮ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንድ ወረቀት አገላብጠው ያያሉ።

«እንኳን መጣሽ» አሉኝ። «አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የለ? ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ?»

ልቤ በደስታ ዘለለ። ማኅደሩ ጀርባዬ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቁ እስከዚያ ድረስ «ሁለቱ ጓደኛሞች ባልትና» ይባል ነበር። ከጓደኛቸው ጋር ነበር የከፈቱት። ጓደኛቸው አሁን ልጃቸው ወልዳ እሷን ለማገዝ ወደ ሲ.ኤም.ሲ ተዛውረው እዚያው የራሳቸውን ሱቅ ከፍተዋል። ንግድ ፈቃዱ መጀመሪያም የወጣው በጓደኛቸው ስም ነበርና ስሙም አብሯቸው ሄደ። የቀሩት ባለቤት በራሳቸው አዲስ ፈቃድ ማውጣት ነበረባቸው። መጀመሪያ ያስገቡት ስም በሌላ ነጋዴ ተይዟል ተብሎ ተመለሰባቸው። ሁለተኛው ግን ተፈቀደ፤ «ጓሮ ባልትና»። እጃቸው ላይ የነበረው ወረቀት አዲሱ ፈቃድ ነበር። አዲስ ማኅተምም አስቀርጸዋል። ታፔላው ቅዳሜ ይሰቀላል። ከዚያ በፊት ደንበኞቻቸው ከእሳቸው እንዲሰሙት ፈለጉ።

«ምክንያቱንም ንገሪልኝ» አሉኝና ፈቃዱን አጣጠፉት። «ግን ያው... ፈቃዱ በእኔ አልነበረም ብሎ መጻፍ ደስ አይልም። ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ ጠይቄ አላውቅም እኮ። ሞኝ ነበረች ይሉኛል።»

«አይጨነቁ እትዬ» አልኳቸው፣ ልክ እንደ ትልቅ ጠበቃ። «ለዚህ የተዘጋጀ አገላለጽ አለ።»

ሁለት ሌሊት በሕልሜም ጭምር ጻፍኩት። ቁጥር ጓ/ባ/001። ጉዳዩ፡ የስያሜ ለውጥን ስለማሳወቅ። ከዚያም እንዲህ ይላል፦ «ድርጅታችን ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሲጠቀምበት የቆየውን ስያሜ ያቋረጠ መሆኑን እየገለጽን፣ ክቡራን ደንበኞቻችን ይህንኑ አውቃችሁ አስፈላጊውን እንድታደርጉ በጥብቅ እናሳስባለን።» አዲሱ ስም በአራተኛው አንቀጽ ላይ ነበር፤ አንባቢው እዚያ ከደረሰ ያገኘዋል። ከግርጌ «ግልባጭ፡ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት» አልኩ። ወረዳው እንዲደርሰው አልጠየቀም፣ እኔም አልላክሁለትም። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ግን ራቁቱን የቆመ ይመስለኝ ነበር።

ሳነብላቸው ባለቤቷ በአክብሮት አዳመጡኝ።

«አስፈላጊውን እንድታደርጉ ስትዪ ምን እንዲያደርጉ ነው?»

«እንደዚያ ነው የሚጻፈው።»

«እሺ። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አርባ ቅጂ አስነሣሁ። ባለቤቷ በእያንዳንዱ ላይ አዲሱን ማኅተም አሳረፉበት፤ ሐምራዊው ክብ ሲያርፍበት እኔ ራሴ የተሸለምኩ መሰለኝ። ሐሙስና ዓርብ በየደንበኛው በር እየሄድኩ አደልኩ፤ ሰው ባልነበረበት ቤት በበሩ ሥር እያስገባሁ አለፍኩ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። የእኛን ቅጂ ከመኝታዬ ሥር ደበቅኩት። ደብዳቤው ከሰው አፍ ሲመሰገን ሰምታ፣ «ማን ጻፈው ይሆን?» ስትል ያኔ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ ነኝ» ልላት ነበር ያሰብኩት። ድምፁን ተለማምጄዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ከጎረቤት ቤት በጥድፊያ ገባች።

«ተነሺ፣ ማዳበሪያውን ያዢና በርበሬያችንን አምጪ።»

«ምን ሆነ?»

«ሴትዮዋ ልትዘጋ ነው። ደብዳቤ በትናለች። ማኅተም ያለው፣ ወረዳ የገባበት። አስፈላጊውን አድርጉ ብላለች አሉ። አስፈላጊው ምን ሊሆን ይችላል? በርበሬን ማውጣት ነዋ።»

«እማ፣ ደብዳቤው እንኳ እንደዚያ ማለት...»

«አይተሽዋል?»

«በወሬ» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደራሲነቴን የካድኩት በዚያች ጠዋት ነው። ማዳበሪያዬን አጥፌ በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

አዲሱ ታፔላ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ግን ሰው ማዳበሪያ ይዞ ቆሟል። ጓሮ ስገባ ከሰሌኖቹ ስድስቱ ባዶ ናቸው፤ የስም ካርቶኖቹ ብቻ መሬት ላይ ቀርተዋል። ባለቤቷ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በሴቶቹ መሃል ይለምናሉ።

«እባካችሁ፣ ገና እርጥብ ነው። በማዳበሪያ ከታችሁት ይሻግታል። ሁለት ቀን ፀሐይ ስጡኝ።»

«ሁለት ቀን ውስጥ ቢያሽጉብሽስ?» አለች አንዷ፣ በርበሬዋን በሁለት እጇ እየዛቀች። «አንቺን አላማሁም። ግን የዓመት ወጤ ነው፣ እህቴ።»

ግድግዳው ሥር ጡረታ የወጡ አንድ የሰፈሩ መምህር ተቀምጠዋል። ደብዳቤዬ በእጃቸው ነው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ለሦስተኛ ጊዜ ያነቡታል።

«ቋንቋው ስህተት የለበትም» አሉ። አንድ አፍታ ደስ አለኝ። «እንዲህ ያለ ደብዳቤ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ደርሶኛል። አንዱ ቤቴ ሊፈርስ ሲል ነው። ሌላው ከሥራ ስሰናበት።»

ሰው ሳቀ። ባለቤቷ አልሳቁም።

«ከአቅም በላይ የሆነብሽ ነገር ምንድን ነው?» አሏቸው መምህሩ። «ግብር ነው? ዕዳ ነው? ታመሽ ነው? እሱን ንገሪንና ሁላችንም እንረፍ።»

ባለቤቷ ወደ እኔ ዞር አሉ። አልተቆጡኝም፤ መልሱን ከእኔ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር፤ ያ ከቁጣው የባሰ ነበር። ብብቴ ሥር ያለው ማዳበሪያ ተንኮሻኮሸ። ሁሉም አየኝ።

«ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። በተለማመድኩት ዝቅ ያለ ድምፅ ነው የወጣው። «ከአቅም በላይ የሆነ ነገር የለም። ወረዳው ምንም አያውቅም። ግልባጩን ያደረግሁት... እንዲያምር ብዬ ነው።»

«እንዲያምር» አሉ መምህሩ፣ ቃሉን እንደማጣጣም ብለው።

«አንቺ ራስሽ ማዳበሪያ ይዘሽ አይደል እንዴ የመጣሽው?» አለች በርበሬዋን የምትዝቀዋ ሴት።

«እናቴ ልካኝ ነው።»

«እናትሽም አላመነችሽማ።»

ይህን ጊዜ ባለቤቷ እጃቸውን ጠራረጉና ተናገሩ። ጓደኛቸው ወደ ሲ.ኤም.ሲ መሄዳቸውን፣ ፈቃዱ በጓደኛቸው እንደነበረና እሳቸው አንድም ቀን ጠይቀው እንደማያውቁ፣ አለመጣላታቸውን፣ ስሙ ስለሄደ አዲስ ማውጣታቸውን ሁሉ ነገሩ። «ሞኝ ነበርኩ» ያሉት አንዴ ብቻ ነው። ማንም ሞኝ ነሽ አላላቸውም። ሴትዮዋ የዛቀችውን በርበሬ ለአፍታ አየችውና መልሳ ሰሌኑ ላይ ዘረገፈችው።

«የእኔም ሱቅ ፈቃድ በባሌ ነው» አለች። «ሰኞ እጠይቀዋለሁ።»

መምህሩ ደብዳቤዬን ገለበጡና ጀርባውን ሰጡኝ።

«አሁን የተናገረችውን ጻፊ። ከራስሽ አንድም ቃል እንዳትጨምሪ።»

እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

«ለደንበኞቼ። የሱቄ ስም ከአሁን በኋላ ጓሮ ባልትና ነው። ቤቱ ያው ነው፣ እኔም ያው ነኝ፣ ልዘጋም አይደለም። የድሮው ስም የጓደኛዬ ነው፤ ፈቃዱ በእሷ ስለነበር ወደ ሲ.ኤም.ሲ ስትሄድ ይዛው ሄደች። አልተጣላንም። እዚያ በድሮው ስም የተከፈተው ሱቅ የእሷ ነው፤ ሙያዋ ጥሩ ነው፣ ግን የእኔ አይደለም። ጓሮ ያልኩት በርበሬያችሁን የምታዩት ጓሮ ስለሆነ ነው። በድሮው ስም ከእናንተ የተቀበልኩት በርበሬ ሁሉ በእጄ አለ። ደረሰኙ ላይ አዲስ ስም ስታዩ አትደንግጡ። ያለፈው ደብዳቤ ስላስደነገጣችሁ ይቅርታ። ስታልፉ ገብታችሁ እዩ።»

«ጉዳዩ ብዬ ልጻፍበት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አያስፈልግም» አሉ መምህሩ።

ማኅተሙ ግን ቀረ። ባለቤቷ ወደዱት።

እንደገና አርባ ቅጂ አስነሥቼ በዚያው ዕለት በእግሬ አደልኩ፤ በዚህኛው ዙር በሩን እያንኳኳሁ፣ ሰው እየጠራሁ፣ እያነበብኩ። ካወጡት ስድስት ሰዎች አምስቱ መለሱ። የስድስተኛዋ በርበሬ ሻግቶ ነበር፤ ባለቤቷ ምንም ሳይሉ ከራሳቸው ዛላ ሰሌኗን ሞሉላት። እኔም ቅዳሜና እሑድ እየሄድኩ እቀነጥስ ነበር፤ ማንም አላዘዘኝም፤ ግን እንደዚያ ካላደረግሁ ያንን ጓሮ ቀና ብዬ ማየት የምችል አልመሰለኝም። ሰኞ ክፍል ውስጥ ዐይኔን ባሻሸሁ ቁጥር አለቀስኩ፤ የጎን ጓደኛዬ ፈተና የወደቅሁ መስሏት አጽናናችኝ።

እናቴ ሁለተኛውን ደብዳቤ አንብባ አጣጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ይሄ ነው ደብዳቤ» አለች። «ማን ጻፈላት?»

ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይኸው መጣ።

«ራሳቸው ናቸው» አልኩ። «እኔ እስክሪብቶ ብቻ ነው የያዝኩት።»

«የፊተኛውንስ?»

ማዳበሪያው በር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እሱን አየሁትና ከመኝታዬ ሥር የደበቅኩትን ቅጂ አውጥቼ ሰጠኋት።