የኤልስፔት ክሬም አልወፍር ያለበት ቀን

ኤልስፔትን የሚያህል ክሬም ገፋፊ በወተት አገራችን በጊፕስላንድ አላየሁም፤ ጎረቤቴ ስለሆነች አይደለም የማደንቃት። የጠዋቱን ወተት በሰፋፊ ሳህን አድርጋ በቀዝቃዛው የድንጋይ ክፍል አንድ ቀን ከነሌሊቱ ታስቀምጠዋለች። ማንም እንዲነካው አትፈቅድም፤ ከተናወጠ ቅባቱ ተመልሶ ይቀላቀላል። በማግስቱ ዳር ዳሩን በጣቷ ታላቅቅና ባለቀዳዳውን ጭልፋ ከሥሩ ታስገባለች። ወተቱ በቀዳዳው ይወርዳል፣ ወፍራሙ ቢጫ ስልባቦት ይቀራል። እሱን የምትሞላበት ስፖንጅ ኬክ በወረዳው የግብርና ትርዒት አሥራ ሁለት ዓመት አንደኛ ወጥቷል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስሟ በሰው ፊት የሚጠራው በትርዒቱ ቀን ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ትርዒቱ አራት ቀን ሲቀረው ቀኝ እጇን የፈላ ውሃ አቃጠላት። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ መርል፣ መግፈፉን ለኔ ተይው አለቻት። መርልም በራሷ ኬክ ትወዳደራለች፤ ሙያውን ያስተማረቻት ኤልስፔት ናት። በዋዜማው የእህቷን ድርሻ ክሬም በጠርሙስ አድርጋ ሰጠቻት።

በማግስቱ ጠዋት እጇ ስላልዳነ ክሬሙን እስኪወፍር የምመታላት እኔ ነበርኩ። ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርጌ ግማሹን ገለበጥኩና ክንዴ እስኪዝል መታሁ። አረፋ ያወጣል፣ ወዲያው ይከስማል። ኤልስፔት የሞቀ ክሬም አይወፍርም ብላ ጎድጓዳ ሳህኑን ከነመምቻው በጉድጓድ ውሃ አስቀዘቀዘችው። ደግሜ መታሁት፤ ያው ሾርባ ነው። ሰዓቱ ደረሰና ኬኩ ደረቁን ቤት ቀረ።

የመርል ኬክ አንደኛ ወጣ፤ ክሬሙ ማንኪያ ያቆማል። ኤልስፔት አቅፋ ሳመቻት።

"የደከምሽበትን ክሬም አበላሸሁት፣ ይቅር በይኝ" አለቻት።

"አይዞሽ፣ ሙቀቱ ነው" አለች መርል።

እኔም አምኜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከኤልስፔት ጋር ቤት ስንገባ ግን ጠዋት ያስቀመጥነው ግማሽ ጠርሙስ ለሁለት ተከፍሎ አገኘነው። ከላይ ሁለት ጣት የማይሞላ ቢጫ፣ ከሥሩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀጭን ወተት። ወፍራሙ ተወስዶ ጠርሙሱ በተገፈፈ ወተት ተሞልቷል። ቅባት ያነሰውን ክሬም ደግሞ ቢያቀዘቅዙትም ቢመቱትም አይወፍርም።

መርል የአንደኝነት ሪባኗን ደረቷ ላይ ሰክታ ገባች። ጠርሙሱን አየችና ቆመች።

"አሥራ ሁለት ጊዜ አሸንፈሻል" አለች። "እኔስ አንዴ ቢደርሰኝ ምን አለበት?"

"ምንም የለበትም" አለች ኤልስፔት። "ብትነግሪኝ ወፍራሙን በግራ እጄም ቢሆን ራሴ ገፍፌ እሰጥሽ ነበር። ይቅርታ ስጠይቅሽ ግን አይዞሽ አልሽኝ።"

መርል ሪባኑን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ኤልስፔት አልነካችውም። አሁንም አንድ ቤት ይኖራሉ፣ አንድ ላም ያልባሉ። የድንጋዩን ክፍል ግን ኤልስፔት ትቆልፈዋለች።