ጓዳ የቀሩት ሕፃናት

ሰቆጣ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ቀን ምግብ ቤት ተቀምጬ ሬዲዮው «በፃግብጂ ወረዳ ከአምስት ሕፃናት አንዱ በምግብ እጥረት ተጎድቷል» ሲል ሰማሁ። የጠቀለልኩትን እንጀራ ትሪው ላይ መለስኩት። እነዚያን ሕፃናት የለካኋቸው እኔው ነኛ! እዚያ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ተቀምጬ፣ «ልጆቻችሁን አስለኩ» ተብለው እናቶች ያመጧቸውን ብቻ ነበር ክንዳቸውን የለካሁት። ሪፖርቴም «ለልኬታ ከመጡት መካከል» ይላል። ሬዲዮው ያቺን ሐረግ ውጦ ወረዳውን ሁሉ የለካሁ አስመሰለኝ።

በሳምንቱ ቤት ለቤት ልለካ ተመልሼ ሄድኩ። ወይራው ሥር የከሳች ልጇን ያስለካች አንዲት እናት ቤት ስገባ፣ ከጓዳ የሕፃን ሳቅ ሰማሁ።

«ይሄስ የማን ነው?»

«የኔው ነው፣ ዶክተር» አለችና ጉንጩ የሞላ፣ ክንዱ እጥፍጥፍ ያለ ልጅ ይዛ ወጣች።

«ታዲያ ለምን አላመጣሽውም?»

«እንዴ! እንዲህ የወፈረ ልጅ ሰው መሀል አውጥቼ ለቡዳ ልስጠው?»

ብዙ ቤት እንዲሁ ሆነ። የከሱት በእርግጥም ከስተው ነበር፤ አልሚ ምግብም ደረሰላቸው። ከአምስት አንዱ ግን የወይራው ሥር ቁጥር እንጂ የፃግብጂ አልነበረም።

ቤቴ ገብቼ ይህን ለባለቤቴ እየሳቅሁ አወራኋት።

«የሰፈራችን ልጆች ሲለኩ የኛዋን ያስለካኋት መስሎሃል?» አለችኝ፣ ድንቡሽቡሽ ያለችውን ልጃችንን ከኔም ጭምር በነጠላዋ እየሸፈነች።