ሠንጠረዡ ላይ የቀረው አንድ ሰው

መምህር ያረጋልን መተማ ውስጥ የማያውቀው የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱን የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲያወጣ፣ ሁለት አስተማሪዎች አንድ ክፍል በር ላይ ተፋጠው አያውቁም። እሱ ራሱ ግን ቀጠሮ አክብሮ አያውቅም፤ ሰርግ ጠርታችሁት ለመልሱ ይደርሳል። ምን ይደረግ፣ እንዲህ ሆኖ ተፈጠረ፤ እኛም እንዲሁ ለምደነው ወደድነው።

ታዲያ በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ላይ የወረዳው የልማትና የጤና ጉባኤ መተማ እንዲሆን ሲወሰን፣ የአዘጋጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ደምለው በቀጥታ ወደ እሱ መጣ። ደምለው በልጅነቱ ያረጋል ያስተማረው ነው፤ አሁን ሹመቱ ከፍ ቢልም ፊቱ ሲቆም እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል።

"ጓድ መምህር፣ መቶ ሃያ ስምንት ተሰብሳቢ፣ ሁለት ቀን፣ ስድስት የውይይት ርዕስ አለን። አጀንዳውን ካላወጡልን ጉድ ሆነናል" አለው።

ያረጋል እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ቤቶቹን ለካ። የገበሬ ማኅበሩ የሰሊጥ መጋዘን ባዶ ስለነበር ጉባኤተኛውን በሙሉ ይይዛል። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ደግሞ ሃያ ሃያ ዴስክ አላቸው። ደምለው በዴስክ ሦስት ተማሪ ይቀመጣል ብሎ ስድሳ ሰው ሊመድብባቸው ነበር። "ሦስት ሕፃንና ሦስት ገበሬ አንድ ነው እንዴ? አርባ ነው የሚይዙት፤ ከዚያ በላይ ካስገባህ ግድግዳው ሥር ነው የሚቆሙት" ብሎ አፉን አስያዘው። ከስድስት ሰዓት በኋላ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ማንም እንደማይቀመጥ ለቆላ ሰው አይነገርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለመክፈቻና ለሪፖርት ሆነ፤ የሁለተኛው ቀን ጠዋት ለሁለት ዙር ተከፈለ፤ በየዙሩ ሦስት ውይይት ባንድ ጊዜ ይካሄዳል። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሲባል ከመጀመሪያውም አልተነካም።

ከዚያ እያንዳንዱ ተሰብሳቢ ሁለት ርዕስ እንዲመርጥ ቅጽ በተነ። ቅጹ ሲመለስ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሰመረ፤ ስድስቱን ርዕሶች ወደ ጎንም ወደ ታችም ጻፈና፣ በየመገናኛቸው ሁለቱንም የፈለገውን ሰው ቁጥር አስገባ። ብዙ ሰው የተጋራቸው ርዕሶች በተለያየ ዙር ይውላሉ፤ ማንም ወይም ጥቂት ሰው ብቻ የተጋራቸው ባንድ ሰዓት ቢውሉ ጉዳት የለውም። አራት ቀን ደከመበት። በመጨረሻ ሰሊጥ፣ ጤናና የሴቶች ማኅበር በመጀመሪያው ዙር፤ ኅብረት ሥራ፣ መሠረተ ትምህርትና ትራክተር በሁለተኛው ዙር ዋሉ። መቶ ሃያ ሰባት ሰው የፈለገውን አገኘ። የተጋጨበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጤናንና የሴቶች ማኅበርን የመረጠ። ያረጋል በደስታ ለሚስቱ ለአዱኛ ወረቀቱን አሳያት። ስቴንስሉ ተመታ፣ ተባዛ፣ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

በማግሥቱ እትዬ ዘሊካ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። እትዬ ዘሊካ የአገሩ አዋላጅ ናቸው፤ ከመተማ እስከ ኮኪት መንገድ ድረስ ያለው ልጅ ግማሹ በእጃቸው የወጣ ነው። ማንበብ አይችሉም።

"አንተ መምህር፣ እስቲ የኔን ሰዓት አንብብልኝ" አሉት።

"የትኞቹን መረጡ?"

"የጤናውንና የሴቶቹን።"

ያረጋል የግድግዳውን ወረቀት ማንበብ አላስፈለገውም። "ሁለቱም አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ እትዬ" አለ።

የጤናው ውይይት ተራ ወሬ አልነበረም። ከጎንደር የምትመጣው ነርስ፣ ሲስተር ሸዋዓለም፣ ለሦስት ወር የልምድ አዋላጆች ሥልጠና አንድ ሰው የምትመርጠው እዚያው ከተገኙት መካከል ነው። ያልተገኘ አይመረጥም፤ በደብዳቤ ተጽፏል። እትዬ ዘሊካ ደግሞ የሴቶቹ ሰብሳቢ ናቸው፤ የውሃ ጉድጓድ ይቆፈርልን የሚለውን ጥያቄ የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው።

"እንግዲህ የጤናው ይቅርብኝ። ለሴቶቹ ቃል ሰጥቻለሁ" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። አልተቆጡም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ያረጋል እዚያው በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አዱኛ ያማጠች ቀን፣ እትዬ ዘሊካ ሌላ ቤት ሌላ ሴት ይዘው ነበር። ሮጠው ሲደርሱ ልጁ አልፎ ነበር። ከአዱኛ ጋር እኩል አለቀሱ። እሱ አንድም ቀን ወቅሷቸው አያውቅም፤ አንድ ሰው ሁለት ቤት እንዴት ይገኛል? ይኸው አሁን እሱ ራሱ በእርሳሱ ያንኑ ደገመው። የትምህርት ቤት ሰው አይደል፣ ስም ሳያይ ቁጥር ቆጠረ። አንድ ትንሽ ቁጥር መሰለችው። በራሱ አፈረ።

ሠንጠረዡን እንደገና ዘረጋ። ጤናን ከመሠረተ ትምህርት ጋር ቢያለዋውጥ፣ ሃያ ሴቶች ከፊደላቸውና ከማኅበራቸው አንዱን ያጣሉ። ከትራክተር ጋር ቢያለዋውጥ፣ አሥራ ስምንት ገበሬ ሰሊጡ ይቀርበታል። ኅብረት ሥራ ስድሳ ሁለት ሰው ነው፤ ከመጋዘኑ አይወጣም፤ መጋዘኑን ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ሰሊጥ ይዞታል። ሲያዟዙር ዋለ። ኋላ ላይ ነው ከሠንጠረዡ ውጭ ያየው፦ የመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ከበረደች፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ባዶ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ዋርካ ጥላም ሠላሳ ሴት ቀርቶ ሰባ ይይዛል። የክፍል ቁጥር ስለሌለው በሃያ ዓመት አንድ ቀን አስቦት አያውቅም።

ደምለው የሴቶቹ ውይይት ወደዚያ ሊዛወር መሆኑን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። "ጓድ መምህር፣ የተለጠፈ ፕሮግራም አይነካም ያሉን እርስዎ አይደሉም? ስቴንስልም አልቋል።"

"ተሳስቻለሁ። በእጄ አርመዋለሁ" አለ ያረጋል። መቶ ሃያ ስምንቱንም ቅጂ በእጁ አረመ።

የቀረው ችግር ከኮኪት የሚመጡት ሴቶች መመለሻ ነበር፤ የሚመልሳቸው የነጋዴው የሷሊህ መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል። ያረጋል ሱቁ ድረስ ሄዶ ነገሩን አስረዳው። ሷሊህ ሚዛኑን ሳይለቅ፣ "ለዘሊካ ከሆነማ መኪናዋ እስከ መግሪብ ትቁም። አምስቱን ልጆቼን የተቀበለችልኝ እሷ አይደለች?" አለ።

ሴቶቹ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ፤ የውሃው ጉዳይ ጸደቀ። በማግሥቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያረጋል ሰባተኛ ክፍል በር ላይ የተገኙትን ይቆጥራል፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓቱ ቀድሞ ደርሷል። እትዬ ዘሊካ መጡ፤ ሐሚዳ የምትባል፣ በየምጡ ቤት ውሃ የምታቀርብላቸውን ወጣት ሴት አስከትለዋል። ሐሚዳ አልተመዘገበችም። ያረጋል ወረቀቱንና ክፍሉን አየ፤ ሠላሳ ስምንት ተመዝጋቢ፣ አርባ ቦታ። "ግቢ፣ ቦታ አለ" አላት።

ምርጫው ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ዘሊካ ዞረ። ሲስተር ሸዋዓለም ስማቸውን ልትጽፍ ብዕሯን አነሳች። እሳቸው ግን ብድግ አሉ።

"እኔ ሦስት ወር ጎንደር ስቀመጥ እዚህ የምታምጠውን ማን ይቀበላታል? ይቺን ውሰዷት፤ እጇ ደህና ነው። ስትመለስ እኔንም ታስተምረኛለች። ያን ጊዜ ሁለት እንሆናለን፤ ባንድ ቀን ሁለት ቤት ብንጠራ ለሁለቱም እንደርሳለን።"

ይህን ሲሉ ወደ በሩ አላዩም። ያረጋል ግን ለማን እንደተባለ ገባው። እንባውን በእጅጌው ጠረገና ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። ሠላሳ ስምንት የሚለውን ሰርዞ ሠላሳ ዘጠኝ አለ፤ ከቁጥሩም ጎን የሐሚዳን ስም ከነአባቷ ጠይቆ ጻፈ።