ወደ ግራ የሚሄደው ጆይስቲክ

አዴር ዓዋሌ ጆይስቲኩን በመሐረብ ጠቅልሎ መጋላ ሰፈር ወዳለችው ፕሌይስቴሽን ቤቴ ሲገባ ጎረምሶቹ ወንበር ይለቁለታል። ሊጫወት የመጣ እየመሰላቸው ነው። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ዝምድና የለንም፤ ግን ድሬ ለሽማግሌም ቢሆን «አንቱ» ማለት አይሆንላትም። ዕድሜውን በምድር ባቡር ጋራዥ የፈጀ መካኒክ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ አንድ ልጁ ሮብሌ ጅቡቲ ወደብ ነው የሚሠራው።

ሮብሌ ሲሄድ ፕሌይስቴሽን አራቱን ሸጠና ጆይስቲኩን ለአባቱ ተወለት። በኋላ አሮጌ ላፕቶፕ ላከለት። ጁምዓ ጁምዓ ከሰላት በኋላ አባትና ልጅ በኢንተርኔት ኳስ ይጫወታሉ፤ ጨዋታው የሚከፈተው ሮብሌ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ምስሉ ድሬ ድረስ ይመጣል። ስልክ ላይማ ሁለቱም ድዳ ናቸው። «ደህና ነህ?» «አልሐምዱሊላህ፤ አንተስ?» አለቀ። እኔ ከእናቴ ጋር ሰላምታውን ብቻ አሥር ደቂቃ ነው የማወራው።

የጆይስቲኩ ጣጣ የጀመረው ገና ላፕቶፑ እንደመጣ ነው። መጀመሪያ እኔ ጋ መጥቶ ፕሌይስቴሽን አምስት ላይ ልሞክረው አለ።

«የአራቱ ነው እኮ አዴር። አምስቱ የራሱን ጨዋታ በዚህ አያስጫውትም።»

«ወንድማማቾች አይደሉም እንዴ አንቺ?» አለኝ ተቆጥቶ፣ ወዲያው ደግሞ ለሮብሌ ደወለ። ልጁም እኔ ያልኩትን መልሶ ነገረው፦ ኮምፒውተር ቸር ነው፣ በገመድም በብሉቱዝም ይቀበለዋል።

ቤቱ ሄዶ በገመድ ሰካው። ብርቱካናማው መብራት በራ፤ ኮምፒውተሩ ግን ጆይስቲክ አላየሁም አለ። አሁንም ለሮብሌ ተደወለ። ከቀፊራ ገበያ የገዛው ገመድ ባትሪ ከመሙላት በቀር መረጃ የማያሳልፍ ሆኖ ተገኘ። ያለ ገመድ ሲሞክረው ደግሞ ያ አሮጌ ላፕቶፕ ብሉቱዙን ይቆራርጠዋል። ደህና ገመድ ሰጠሁት።

«በገመድ ከሆነ ቶሎ ይደርሳል ማለት ነው?» አለኝ።

«ከእጅህ እስከ ኮምፒውተሩ ያለውን ነው የሚያሳጥረው። እስከ ጅቡቲ ያለውን አያሳጥርም።»

ባልተናገርኩት ኖሮ አልኩ። ሽማግሌው ገመዱን ጣቱ ላይ ይጠቀልል ጀመር።

ከዚያ ይሄ ወደ ግራ መሄድ መጣ። አዴር እጁን ሳያስነካው ተጫዋቹ ብቻውን ወደ መስመር ይነዳል። በአልኮል አጠብኩት፤ ሰነበተና አገረሸበት። ኮምፒውተሩ በአውራ ጣት የሚገፋውን ዘንግ ትንሽ ንቅናቄ እንዳይቆጥር አደረግኩ፤ ያም በሽታውን መሸፈን ብቻ ነው፣ ተጫዋቹ ቀስ ብሎ መራመድም አቃተው። በየመሃሉ ለሮብሌ ይደውላል። «አሁንም ወደ ግራ ነው?» «ወደ ግራ ነው።» «ስትለቀው ነው ወይስ ስትይዘው?» ከዚያ ወሬው ስለ ወደቡ ሙቀት፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ምሳው ይሄዳል። አንዴ ሲስቅ ሰማሁት።

እኔ ግን ሥራዬ ነውና ነገሩን መጨረስ ፈለግኩ። ጆይስቲኩን ፈታሁት። ከዘንጉ ጎን ያለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ የዘንጉን ቦታ የሚያነብ ጥቁር የካርቦን መስመር አለ፤ ከብዛት መታሸት ተልጧል። እሱን ማጠብ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ብየዳውን አቅልጬ ዘንጉን ከነሳጥኑ ነቀልኩና ከሞተ ጆይስቲክ ያወጣሁትን ደህናውን በየድኩ። ኮምፒውተር ላይ ስሞክረው የዘንጉን ቦታ የምታሳየው ነጥብ መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«በቃ አዴር፣ ዳነ!»

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ጆይስቲኩን አገላብጦ አየውና በመሐረቡ መልሶ ሳይጠቀልለው ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«እጅሽ ይባረክ» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አሁን ምን ብዬ ልደውልለት?»

ኧረ የኔ ነገር! ለካ ስጠግን የከረምኩት የወሬያቸውን ሰበብ ኖሯል። ዝም ብለህ ናፍቀኸኛል በለው እንዳልል፣ ይህን ቃል ለወንድ ልጁ የሚናገር የምድር ባቡር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ጁምዓ እስኪደርስ ጠብቅ ልለው አሰብኩና እሱንም ተውኩት።

እጄን ስታጠብ ስልኩ ጮኸ። ሮብሌ ነው። አዴር ጆሮው ከበድ ስለሚለው የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ እኔም ሳልፈልግ ሰማሁ።

«አባ፣ የአንተ ተሠራ?»

«ተሠራ። ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

አዴር ሊዘጋው ስልኩን ከጆሮው አራቀ።

«የኔ ደግሞ ዛሬ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ አባ። ምን ባደርገው ይሻላል?»

የሮብሌ ጆይስቲክ ገና ከካርቶኑ ከወጣ ወር ያልሞላው ነው፤ ፎቶውን ልኮልኛል። አዴር ዓዋሌ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋና እግሩን ዘረጋ።

«ስትለቀው ነው ወይስ ስትይዘው?» አለው።