ሙጀሌና ሳይለቀለቅ የቀረው ወለል

ሙጀሌ ጫማ የሌለው ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት እግሩን የሚታጠብ፣ ያውም ቡታጅራ ገበያ ውስጥ የልብስ ስፌት ቤት ያለው ሽማግሌ ሙጀሌ ይይዘዋል ብሎ ማን ያስባል? እኔ አላሰብኩም። የግራ እግሬ ትንሿ ጣት ጥፍሯ ሥር ስትበላኝ ጥፋቱን በጫማዬ ላይ ጣልኩ። ሌላ ጫማ ገዛሁ። ማሳከኩም አብሮኝ ወደ አዲሱ ጫማ ተዛወረ።

ባለቤቴ የሞተችው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ማሳከኩ የጀመረኝ ደግሞ በጋ ላይ፣ ምድሩ ደርቆ አቧራው መነሳት ሲጀምር። ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ወደ መስቃን እርሻዎች መሄጃ ላይ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉም አፈር። ልጆቻችን አዲስ አበባ ሱቅ ይዘዋል፤ ለቀብር መጡ፣ አለቀሱ፣ «አባ፣ እኛ ጋ እንሂድ» ብለው ለመኑኝ፣ እምቢ ስላቸው ሱቃቸው ተዘግቶ መክረም የለበትምና ሄዱ። በስልክ ሲጠይቁኝ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» እላለሁ። ስልክ ጥሩ ነገር ነው፤ ፊት አያሳይም።

ሁለት ፍየሎች አሉን። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ከጓሮ በረታቸው ወደ ቤት ዝር አይሉም ነበር። ያደገችው ከብት ከሰው ጋር በሚያድርበት ቤት ነው፤ «የእናቴ ቤት ሽታ ይበቃኛል» ትላለች። እሷ ስትሞት አስገባኋቸው። ለጎረቤት ጅብ ፈርቼ ነው አልኩ። ውሸቴን ነው። ሲያመነዥኩ መስማት ፈልጌ ነው። ባዶ ቤት ውስጥ አንድ የሚተነፍስ ነገር ሲኖር እንቅልፍ ይመጣልኛል፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የስፌት ቤቴን በር ዘጋሁና ካልሲዬን አወለቅኩ። ጥፍሬ ሥር አተር የምታህል ነጭ እብጠት አለች፤ መሃሏ ላይ ጥቁር ነጥብ። ውስጥ እግሬን ገልብጬ አየሁ፤ ተረከዜ ላይም አሉ። አንዳንዷ ገና ቀይ ነቁጥ ናት፤ አንዳንዷ አብጣ ነጥታለች፤ ሌላዋ ደርቃ ጠቁራ ቅርፊት ሆናለች። ልጅ ሆነን እናታችን በእሾህ ታወጣልን ስለነበር ማን እንደሆነች ወዲያው አወቅኳት። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መርፌ ከእኔ በላይ ለማን ነው? ቆፈርኩ። ነጩ ከረጢት ፈንድቶ እንቁላሉ ወጣ፤ ግማሹ ቆዳዬ ውስጥ ቀረ። ቢሆንም በሥራዬ ኮራሁ።

ኩራቴ ብዙ አልቆየም። ጣቴ አበጠ፣ መግል ያዘ፣ የስፌት መኪናውን ፔዳል ስረግጥ እስከ ጉልበቴ ይሰማኝ ጀመር። የሰው ሱሪ እግር እያሳጠርኩ የራሴን እግር ማንሳት አቃተኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼው ነው።

ያቃጠለኝ ግን ሕመሙ አይደለም፣ መስጊዱ ነው። ውዱእ ስናደርግ በቧንቧዎቹ ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። በጣቶቻችን መሃል ውሃ እናሳልፋለን፤ የአንዱን እግር ሌላው ያያል። እዚያ ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጫለሁ። አሁን ያንን እግር እንዴት ላውጣ? መጀመሪያ ቤቴ ውዱእ አድርጌ ካልሲ ለብሼ መሄድ ጀመርኩ። አንድ ጁምዓ ላይ ለሱጁድ ተደፍቼ ስነሳ ካልሲዬ በመግል ርሶ ምንጣፉን ነክቶታል። ማንም አላየም። እኔ ግን ሰው ሁሉ ያየኝ መስሎኝ ሶላቱ እንዳበቃ እያነከስኩ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ቤቴ መስገድ ጀመርኩ። ባለቤቴን ያጣሁት በአላህ ፈቃድ ነው፤ ሰውን ያጣሁት ግን በራሴ እጅ ነው። ቀኑን ከደንበኛ ጋር ስለ ቁልፍና ስለ ዚፕ አወራለሁ፣ ማታ ከፍየሎቹ ጋር እገባለሁ። ያ ሁሉ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ ለሌላ ሰው ስናገረው ኖሬያለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወዳጄ ቤቴ መጣ። በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ግማሽ ዕድሜውን ቆሼና ቡታጅራ መሃል በመመላለስ የፈጀ። መስጊድ ውስጥ ከጎኔ የሚቆመው እሱ ነበር።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ የቤቱ ጌታ!» አለ ከደጅ።

«ወዓለይኩሙ ሰላም።»

በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሊያወልቅ ጀመረ። እኛ ዘንድ ወግ ነው፤ በጫማ የሰው ቤት አይገባም። እኔም ራሴ ሁልጊዜ በሬ ላይ አወልቃለሁ። የወዳጄ ባዶ እግር ከጫማው ሲወጣ አየሁና ሳላስበው ጮህኩ።

«አታውልቅ!»

ቀና አለ። «አትግባ ማለትህ ነው?»

«አይደለም። ጫማህን አታውልቅ ነው ያልኩህ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፣ ሲባረር ደግሞ ያጠልቃል። የትኛው ነው?» ፊቱ ጠቁሯል።

ዝም ካልኩት ይሄዳል፤ ደግሞም አይመለስም። ብነግረው ጉዴ ይወጣል። በባዶ እግሩ ባስገባው ደግሞ በሽታዬ ተጋብቶበት ወደ ልጆቹ ይመለሳል። ካልሲዬን አወለቅኩና እግሬን ደፉ ላይ ዘረጋሁለት። «ሙጀሌ ነው» አልኩ።

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ቁጢጥ ብሎ ብዙ አየው። «ወላሂ፣ ለዚህ ነው የጠፋኸው?» አለ። «እኛ እኮ የተቀየምከን መስሎን፣ ለቅሶው ላይ ምን አጠፋን እያልን ስንጠያየቅ ከረምን።» ከዚያ ተቆጣ። መንገድ ላይ ወጥቶ ባጃጅ አስቆመና እንደ በርበሬ ጆንያ ጭኖ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ።

ነርሷ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ጓንቷን አድርጋ እግሬን ይዛ አገላበጠችው።

«አባባ፣ በምን ነው የነካኩት?»

«በመርፌ።»

«ዳግመኛ እንዳይነካኩት። ቁስሉ መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣብዎት ይችላል።» የመከላከያውን መርፌ ወጋችኝ፣ ለመግሉም የሚዋጥ ሰጠችኝ። እግሬን በሳሙና አጥባ አደረቀችና እንደ ዘይት የሚያሙለጨልጭ ፈሳሽ በየጥቁሩ ነጥብ ላይ አንጠባጠበች። «በዚች ቀዳዳ ነው የምትተነፍሰው፣ እንቁላሏንም የምትጥለው። ይኼ ይደፍንባታል፤ ትሞትና ከቆዳው ጋር ተልጣ ትወድቃለች።» እግሬን የሰው እጅ ከነካው ስንት ጊዜው ነው ብዬ አሰብኩና ዓይኔ እንባ ሞላ። ያመመኝ መስሏት «አብሽሩ አባባ» አለችኝ።

«ጫማ ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀች።

«ከጫማ ተለይቼ አላውቅም።»

«ቤት ውስጥስ?»

«ቤት ውስጥ ማን ጫማ ያደርጋል?»

«እዚያው ናት እኮ። ከደረቅ አፈርና ከአቧራ ውስጥ ነው የምትነሳው፤ እንቁላሏም እዚያው ወድቆ ይፈለፈላል። እንስሳ አብሮዎት ያድራል?»

ወዳጄ በእኔ ፈንታ መለሰ፤ «ሁለት ፍየል።»

«ያስወጧቸው። ሙጀሌ እነሱንም ይይዛል፣ እግራቸውን ይዩላቸው። መኝታዎን ፀሐይ ያስመቱ። እግርዎን ማታ ማታ በሳሙና እየታጠቡ ጣት ለጣት ይመልከቱ። ወለሉ የተለቀለቀው መቼ ነው?»

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ።

«ካልተለቀለቀ መድኃኒቱ የዛሬዋን ይገድላል እንጂ የነገዋን አይከለክልም» አለች።

ወለሉን የምትለቀልቀው ባለቤቴ ነበረች። ቀይ አፈርና እበት በውሃ አቡክታ፣ ተንበርክካ፣ በመዳፏ ከግድግዳው ወደ በሩ እያፈገፈገች። ጣቶቿ የጎተቱት ግማሽ ክብ መስመር እርስ በርሱ ተደራርቦ ይደርቃል። ለመጨረሻ ጊዜ የለቀለቀችው ከመታመሟ በፊት ነው። መሃሉ ተሰነጣጥቆ አቧራ ሆኗል፤ መስኮቱ ሥር ግን የጣቶቿ መስመር አሁንም ይታይ ነበር። ውሃ አልረጭበትም፣ ስጠርግም ዞሬው ነበር የማልፈው። ይኼን ለነርሷ ምን ብዬ ልንገራት? በማግስቱ የወዳጄ ሚስት ቤቴ ድረስ መጥታ «እኔ ልለቅልቅልህ» ስትለኝም ጊዜ የለኝም አልኳት። ሰው ቤቱን ለማስለቅለቅ ጊዜ የለኝም ይላል? ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች።

ፍየሎቹን አስወጣሁ። ጫማዬን ቤት ውስጥም አጠለቅኩ። መድኃኒቱን አደረግሁ፣ አሮጌዎቹ ጠቁረው መርገፍ ጀመሩ። ለሶላት ግን ጫማዬን አውልቄ እቆማለሁ፤ ምንጣፌ ደግሞ ያው ወለል ላይ ነው። አንድ ጠዋት እግሬን ሳይ አውራ ጣቴ ላይ አዲስ ቀይ ነቁጥ አገኘሁ፤ መሃሏ ላይ ጥቁር ነጥብ። እዚያው ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ ተነስቼ አፈሩን አቦካሁ። እበቱን ከጎረቤት ለመንኩ። የፕላስቲክ ጫማዬን እንዳደረግሁ ተንበረከክሁና ሽማግሌ የማይሠራውን ሥራ ሠራሁ፤ አቧራውን አርጥቤ፣ ስንጥቁን ሞልቼ፣ ክፉኛ እያላበኝ። የእኔ መስመር ጎርበጥባጣ ነው፤ ለማንም አላሳይም። መስኮቱ ሥር ስደርስ ጣቶቼን በጣቶቿ መስመር ላይ አሳረፍኳቸው። ከዚያ ጭቃውን አፈሰስኩበት።

በሚቀጥለው ጁምዓ መስጊድ ሄድኩ። ቧንቧው ጋ ካልሲዬን አውልቄ ከሰው ጋር ታጠብኩ። ጠባሳዬን ያየ አይቷል፤ ወዳጄ ግን «ጠጋ በል፣ ቦታህ ሰፍቶብኛል» አለኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ቤቴን ከፈትኩ። ወለሉ ደርቋል፣ አቧራ የለም፣ ከእኔ እጅ በቀር የማንም ምልክት የለበትም። ባዶ ቤት ሲገባም ሰላምታ ይባላልና «አሰላሙ ዓለይኩም» አልኩና ቆምኩ። ቆሜ ቀረሁ። ለካ እሷ ከሞተች ጀምሮ፣ በገባሁ ቁጥር፣ መልስ ስጠብቅ ነበር።