ከግድግዳ የራቀው ክምር

በንጉሡ ዘመን ጎጃም በረንዳ ውስጥ የአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ቁልፍ ያዥ ነበርኩ። ነጋዴውን ያኔ «ጋሼ» እያልኩ፣ «እርስዎ» እያልኩ ኖሬአለሁ። እዚህ ግን «እሱ» እለዋለሁ። ሸብቻለሁ፤ ይህችን ታህል መብት አላጣም።

ሰውየው ጤፍ ያውቃል ተብሎ ይፈራ ነበር። ከጆንያው ጥቂት አውጥቶ መዳፉ ላይ ይበትንና አንዴ እፍ ብሎበት የየት አገር ጤፍ እንደሆነ ይናገራል። አብዛኛውን ጊዜ ይስታል፤ ግን ማን ደፍሮ ያርመዋል? እኔ እንኳን ላርመው «እንዴት አወቁት ጋሼ!» እያልኩ አፌን እከፍት ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይቀላል።

የማያውቀው ነገር ጆንያ እንዴት እንደሚደረደር ነበር። የተሸካሚዎቹ አለቃ፣ ዕድሜውን በሙሉ በጀርባው ተሸክሞ የኖረ ሰው፣ ያውቀዋል። መጀመሪያ ከታች ጣውላ ይነጠፋል። አንደኛው ድርድር በቁመቱ ከተኛ የሚቀጥለው በአግድም ይተኛል፤ እንዲህ ሲሆን የላይኛው የታችኛውን አስሮ ይይዘዋል። የጆንያው አፍ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ስፌቱ ቢለቅ እንኳ እህሉ ወደ ውጭ እንዳይፈስ። ከፍ እያለ ሲሄድ ደግሞ ወደ ውስጥ እያጠበቡ መሄድ ነው። ያን ዓመት ግን ከጎጃም የጭነት መኪና በመኪና ላይ ሲገባብን ጌታችን ነጋዴው ትዕግሥት አጣ። ሁሉም በቁመቱ ብቻ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ከኋላው ግድግዳ ተጠግቶ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያው ይውጣ አለ። አስራ ስምንት ጆንያ ከፍታ!

«ጋሼ፣ ከአስራ ሁለት በላይ አያስተማምንም» አለ አለቃው።

«የአንተ ሥራ መሸከም ነው፤ ማስተማመኑን ለእኔ ተወው።»

አለቃው ጆንያውን ተሸከመ። እኔም ዝም ብዬ ቆሜ አየሁ፤ በዚያ መጋዘን ዝም ማለት የሥራው ግማሽ ነበር።

ከዚያ ደላሎቹ መጡ። ደላላ ከኪሱ ጫፏ የሾለ ባዶ ቱቦ አይለየውም። ጆንያውን ወጋ ያደርግና ጤፉ በቱቦዋ ውስጥ መዳፉ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ነቅሎ፣ በቱቦዋ ጫፍ ቀዳዳውን ጫር ጫር ሲያደርገው የጆንያው ክር ተመልሶ ይገጥማል። ለስንዴ ይህ ይበቃል። ጤፍ ግን እንደ ውኃ ነው፤ ጠባብ መንገድ ካገኘ ይወርዳል። ደግሞ አንድም ደላላ መሰላል ወጥቶ የላይኛውን ሲወጋ አላየሁም፤ ካፖርቱ ይቆሽሽበታላ! ሁሉም ቆሞ በደረቱ ትክክል ያገኘውን፣ ከፊት ያለውን አራተኛና አምስተኛ ጆንያ ይወጋል። በሳምንታት ውስጥ የእነዚያ ጆንያዎች ቀዳዳ በመጫር የሚገጥም መሆኑ ቀረ።

መጋዘኑን የምትጠርግ አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ። እንደ ሰፈሩ ልማድ ከወለል የሚጠረገው ጤፍ የጠራጊዋ ነው። ከአፈር ጋር በወንፊት ለይታ ትወስደዋለች፤ የቤቷ እንጀራም እሱ ነበር። አንድ ጠዋት ጠራችኝ።

«ይኸውልህ፣ ጤፉ ሁልጊዜ እዚሁ አንድ ቦታ ነው የሚፈሰው። ዛሬ ደግሞ ከትናንት በለጠ። እነዚህን ጆንያዎች እያቸው እስቲ፣ ሆዳቸው ረግቧል።»

አየሁ። እውነትም ከታች የተሞላው ጆንያ ጎኑ ተወጥሮ ሲታይ አራተኛውና አምስተኛው ተጨማደዋል፤ የላይኞቹ ደግሞ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ተጭነዋቸዋል።

«ለጋሼ እነግራቸዋለሁ እትዬ» አልኳት። አልነገርኩም።

እኔ ራሴ ከእሷ የባሰ ምልክት ነበረኝ። ዣንጥላዬን በክምሩና በኋላው ግድግዳ መካከል የመሸጎጥ ልማድ ነበረኝ። መጀመሪያ ሰሞን እየገፋሁ ነበር የማስገባው። ቆይቶ በቀላሉ መግባት ጀመረ። አንድ ቀን ስሰድደው ሽው ብሎ እስከ ወለሉ ወረደ። ክንዴ እስከ ክርኔ ይገባል! ግድግዳው እንዳልተንቀሳቀሰ አውቃለሁ። ታዲያ ምን አደረግሁ? በሽቦ ጎትቼ አወጣሁና ምስማር መትቼ ሌላ ቦታ ሰቀልኩት። ብልህ ሰው!

ጌታችን በበኩሉ የፈሰሰውን ጤፍ ያየው በዚያው ሰሞን ነው። አየና ወዲያው ገባው፤ እሱ የማይገባው ነገር የለምና። ሴትዮዋ ጆንያ እየቀደደች ታፈሳለች አለ። ደላሎቹ ዙሪያውን ቱቦአቸውን በኪሳቸው ይዘው ቆመው «እነዚህ ሰዎች አይታመኑም» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እስከ ቅዳሜ ይህ መፍሰስ ካልቆመ መጥረጊያሽን ይዘሽ ውጪ!» አላት።

ምስኪኗ ሌባውን ራሴ እይዛለሁ ብላ ከማግስቱ ጀምሮ ከክምሩ ሥር ጣውላው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ማጣራት ጀመረች፤ ጀርባዋን ለጆንያው ሰጥታ፣ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ። አስራ ስምንት ኩንታል ቁልቁል እያያት። ሌባ ነሽ ባትባል ኖሮ እዚያ አትቀመጥም ነበር።

አርብ ከምሳ በፊት አንድ ደላላ ገዢ ይዞ መጣና አምስተኛውን ጆንያ ወጋ። ቱቦውን ሲነቅል ጤፉ መውረዱን አላቆመም። ጫር ጫር አደረገው፣ ክሩ ጭራሽ ተበጠሰ። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና ገዢውን ይዞ ወጣ። ቁጢጥ ብላ የነበረችው ሴት እግር ሥር ጤፉ ተቆለለ። ልክ በዚያች ደቂቃ ጌታችን በሩ ላይ ደረሰ።

«ያዝኩሽ! ነዪ ወዲህ! ቀሚስሽን አራግፊ፣ በሰው ፊት!»

ተነሣች። በንዴት በሩ ድረስ ሄደች፤ ወንፊቷን እዚያው ትታው። የቀሚሷን ጫፍ ይዛ «ይኸው! ምን አገኙ?» ስትለው ከኋላዋ ስፌት ሲበጠስ ሰማሁ፤ ጠስ፣ ጠስ፣ ከዚያ ብዙ አንድ ላይ። ክምሩ ከወገቡ ታጠፈ፣ አናቱ ወደ ፊት መጣ፣ ከእግሬ በታች መሬቱ ተናወጠ። አቧራው ሲረግብ ተቀምጣበት የነበረው ጣውላ አይታይም። ጤፍ ጫማችን ድረስ ፈሶ መጥቶ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው ጌታችን ነው።

«ተመስገን! ባልጠራት ኖሮ አልቆላት ነበር። እግዜር ነው በእኔ አፍ የጠራት!»

ደላሎቹ ከየበረንዳው ተሰብስበው እጁን ሳሙት። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ አስገባ። ሰንብቶም በአብነትና በሰባተኛ ሰፈር ነፍስ ያተረፈ ሰው ተብሎ ሲወራለት ሰማሁ፤ ወሬውን የጀመረው ራሱ ይሆን ብሎ ግን ማንም አልጠየቀም።

ሰኞ ጆንያው እንደገና ሲነሣ አለቃው «እንዴት እንደርድረው?» ብሎ ጠየቀ።

«እንደ ድሮው። ብቻ ወደ ግድግዳው ትንሽ ጋደል አድርጉት።»

ሴትዮዋ ያን ቀን የመጣችው ወንፊቷን ልትፈልግ ነበር። ሽቦው ተጨፍልቆ ከጤፉ ሥር ወጣ። ጌታችን አያትና ፈገግ አለ።

«ይቅር ብዬሻለሁ፤ ሥራሽን ቀጥዪ» አላት።

የተጨፈለቀውን ወንፊት ብብቷ ሥር አድርጋ በእኔ በኩል አልፋ ስትወጣ ቆም አለች።

«እሱስ አላየም» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንተ ግን አይተሃል።»

ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፤ ያን ጊዜ ጌታዬ ከውስጥ ጠራኝ፣ እኔም «አቤት ጋሼ!» ብዬ ገባሁ።